አንድ ሰረዝ ወይስ ሁለት

ተማሪዎቹ «አግድም» ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፣ እሱም ሊያውቅ አይፈልግም። አንዳንዱ፣ በእረፍት ሰዓት አስተማሪዎች ክፍል ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጣል ስለሚያደርግ ነው ይላል። በደንብ የሚያውቁት ግን ነገሩ ከሰሌዳው እንደመጣ ይናገራሉ። ሰውየው ግራፍ ሲስል እንደሌላው ሰው ከኩርባው አይጀምርም። ጠመኔውን ያነሳና መጀመሪያ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ አግድም መስመሮቹን ያሰምራል። እሱ «ሰረዝ» ይላቸዋል። ሰረዙን ሳያሰምር ኩርባ የሳለ ተማሪ ካገኘ አይቆጣም፤ ዳስተሩን አንስቶ ያቀብለዋል።

«ይሄ ኩርባ መንገደኛ ነው» ይላል በየዓመቱ፣ ቃሉን ሳይለውጥ። «መንገደኛን መጀመሪያ የምትጠይቁት ወዴት ነህ ብላችሁ ነው። መድረሻው ከታወቀ በየት በኩል እንደሚያልፍ ቀስ ብለን እናያለን።»

የሚወደው ኩርባ አርክ ታንጀንት ነበር። ታንጀንት ማዕዘን ተቀብሎ ቁጥር ይሰጣል፤ አርክ ታንጀንት ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ሄዶ ቁጥሩን ይቀበልና ማዕዘኑን ይመልሳል። አሥር ብትሰጠው 1.4711 ይልሃል። መቶ ብትሰጠው 1.5608፣ ሺህ ብትሰጠው 1.5698። ቁጥሩን ያለ ገደብ ብታሳድግለት ወደ ፓይ በሁለት፣ ማለትም ወደ 1.5708፣ ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ ግን አይደርስም። ወደ ግራ፣ ወደ ነጌቲቭ ኢንፊኒቲ ብትነዳው ደግሞ ወደ ነጌቲቭ ፓይ በሁለት ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ሰረዝ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ ኩርባው በመሀላቸው ይኖራል። መጽሐፉ እነዚህን ሰረዞች አግድም አሲምቶት ይላቸዋል። አግድም ይህን ባስተማረ ቁጥር ፊቱ ይፈካል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር እየደጋገመ ሳይሰለቸው የኖረ ሰው ብርቅ ነው፣ እሱ ግን ከነዚያ አንዱ ነበር።

ሚስቱም የሒሳብ አስተማሪ ናት። በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ፎቅ፣ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እሷ ያስተምራሉ። የሱ «ሀ» ክፍል ነው፣ የሷ «ለ» ክፍል። በመሀላቸው አንዲት ስስ ግድግዳ አለች። እሷ ስትስቅ እሱ ይሰማል፤ እሱ ጠመኔ ሲሰብር እሷ ትሰማለች። ቤት ውስጥ «አንተ» «አንቺ» ይባባላሉ፤ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፉ ግን «እርስዎ» ነው። ጠዋት አንድ ጃንጥላ ተጋርተው ይመጡና በሩ ላይ ሲደርሱ «ይግቡ መምህርት» ይላታል። «እርስዎ ይቅደሙ መምህር» ትለዋለች። ጥበቃው ሁልጊዜ ይስቃል። ማታ ቤት ውስጥ «እርስዎ» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ግን አግድም የሰራውን ጥፋት ከወዲሁ መፈለግ ይጀምራል።

በተጋቡ ሰሞን ወሬኛ አልጠፋም ነበር። ባልና ሚስት አንድ ትራስ ላይ ተኝተው ፈተና ያወጣሉ፣ ለየክፍላቸው ጥያቄ ይሾልካል ተባለ። ይህን የሰሙ ዕለት ሁለቱም ደማቸው ፈላ። ተቀምጠው ደንብ አወጡ። የ«ሀ»ን ፈተና እሷ ታወጣለች፣ እሷው ታርማለች። የ«ለ»ን እሱ ያወጣል፣ እሱው ያርማል። ያስተማረው ሰው በራሱ ልጆች ወረቀት ላይ እጁን አያስገባም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ፈተና ቤት ውስጥ አንዲት ቃል አይነገርም። ያ ደንብ ልጆች ወልደው፣ ልጆቹን ድረውም አልተሰበረም። ወሬኞቹ አፋቸውን ያዙ፤ ወላጆችም ልጃቸው በየትኛው ክፍል እንደተመደበ መጠየቅ ተዉ። አግድም በዚህ ደንብ ይኮራል። ሰው በቤቱ ወይ በሀብቱ እንደሚኮራው ነው የሚኮራው።

ዘንድሮ ግን ሁለቱም፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አርክ ታንጀንት ሰለቻቸው። ማስተማሩ ሳይሆን መጠየቁ ነው የሰለቻቸው፤ ተማሪው መልሱን ከታላላቆቹ ተቀብሎ በቃሉ ይዞታል። ሁለቱም የአርክ ታንጀንትን ወንድም አርክ ኮታንጀንትን ፈተና ውስጥ አስገቡ። ኮታንጀንት አንድ ለታንጀንት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ አርክ ኮታንጀንትም ከዚያ ቁጥር ወደ ማዕዘኑ ይመልሳል። አንዳቸውም የሌላውን አያውቁም። አውቀው ቢሆን ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

አግድም የ«ለ»ን ወረቀት ሲያርም ደስ ብሎት ነበር። አብዛኛው ልጅ ጥሩ ሰርቷል። አንዲት ጥያቄ ላይ ብቻ ክፍሉ በሙሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ ወድቋል፤ ቁጥሩ ወደ ነጌቲቭ ኢንፊኒቲ ሲሄድ የአርክ ኮታንጀንት ሊሚት፣ የሚጠጋው ቁጥር፣ ስንት ነው የምትለዋ ላይ። ሁሉም ዜሮ ብለዋል። እሱ ሁሉንም በቀይ ሰርዞ «ፓይ» ብሎ ጻፈበት። ሚስቱ እዚያ ምዕራፍ ላይ ጊዜ አጥሯት ሳትጨርስ እንደቀረች ገመተ። አዘነላት። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ ጋር ትንሽ ደስታም ተቀላቅሎበት ነበር፤ እሷ እንደሆነች ምዕራፍ ሳትጨርስ የማትቀር ሴት ናት፣ እሱን ደግሞ በዚህ ነገር ስትነዘንዘው ኖራለች። በመጨረሻው ልጅ ወረቀት ጥግ ላይ «መምህርታችሁን ጠይቁ» ብሎ ጨመረበት።

በሳምንቱ የራሱ ልጆች ወረቀት ታርሞ ተመለሰለት። መጀመሪያ የፈለገው የማንን እንደሆነ ራሱን መጠየቅ አላስፈለገውም። ልብስ ሰፊዋ የምትባለውን ልጅ ወረቀት ነው የፈለገው። ልጅቷ ከትምህርት በኋላ አክስቷ ሱቅ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ ታሳጥራለች፣ ታጠብባለች። ቴክኒክ ኮሌጁ ሊቀበላት ፈቃደኛ ነው፤ የሒሳብ ውጤቷ ግን ከተቆረጠው መስመር በላይ መሆን አለበት። አክስቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ካለፈች ትማር፣ ካላለፈች ግን ሁለተኛው መኪና ሰው ይፈልጋል ብላ በግልጽ ነግራታለች። አግድም ይህን ያውቃል፤ ሱሪውን የምታሳጥርለት እሷው ናት።

ወረቀቱን አገኘው። ከመስመሩ በታች ናት፤ የጎደላት ደግሞ የአንዲት ጥያቄ ነጥብ ነው። ገለጥ ገለጥ አደረገና ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ። «የአርክ ኮታንጀንትን አግድም አሲምቶቶች ዘርዝሩ» ይላል። ልጅቷ ሁለት ብላ ጽፋለች፤ አንዱ ዜሮ፣ አንዱ ፓይ። ልክ እሱ እንዳስተማረው። በላዩ ላይ የሚስቱ ቀይ መስመር ሄዶበታል፣ በጎኑም በዚያ በሚያውቀው ቀጥ ባለ ጽሑፏ «አንድ ብቻ፣ ዜሮ» ተብሏል። ሌላ ወረቀት አነሳ፣ እዚያም ያው። ሌላም አነሳ። የ«ሀ» ክፍል በሙሉ ተሰርዟል።

አግድም ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አግዳሚው ላይ ተጋደመ፣ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሚስቱ ተሳስታለች። ይህን ለመቀበል ራሱ ጊዜ ፈጀበት፤ እሷ ስትሳሳት አይቶ አያውቅማ። ታዲያ እንዴት ብሎ ይንገራት? ደንቡ አለ። ተናግሮ ነጥብ ቢያስጨምር፣ ያ የድሮ ወሬ እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ባል ሚስቱን ቤት ውስጥ ለምኖ ልጆቹን አሳለፈ። ዝም ቢል ደግሞ ልጅቷ መኪናው ላይ ቀረች።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ማጠብ የሱ ተራ ነው። ጓሮ ሁለት ገመድ አለ፣ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። ዘወትር ያገኘው ላይ ይሰቅል የነበረ ሰው፣ የዚያን ዕለት ግማሹን ላይኛው ላይ ግማሹን ታችኛው ላይ እኩል አድርጎ ዘረጋና ራቅ ብሎ አየው። ሁለት። ይህ መቼም ንግግር አይደለም፣ ደንቡንም አይነካም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲመለስ ሚስቱ የላይኛውን ልብስ በሙሉ አውርዳ ታችኛው ላይ ጠጋ ጠጋ አድርጋ ሰቅላዋለች። አግድም ሸሚዞቹን ትክ ብሎ አየ። ገባኝ አለ በሆዱ፤ አልሸነፍም ማለቷ ነው።

ሰኞ ወረቀቱን ለልጆቹ መለሰ። ክፍሉ አጉረመረመ። ልብስ ሰፊዋ ግን አላጉረመረመችም፤ ደወል እስኪደወል ጠብቃ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ቲቸር፣ ነጥብ ልጠይቅ አይደለም» አለች። «ይቺን ብቻ ይዩልኝ።»

ጣቷን ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አሳረፈች። አግድም ቀዩን ብቻ ነበር ያየው። ከልጅቷ መልስ በላይ፣ በራሷ እስክሪብቶ በአንዲት ቀጭን መስመር የተሰረዘ ሌላ መልስ አለ። ጎንበስ ብሎ አነበበው። «አንድ። ዜሮ» ይላል።

«መጀመሪያ እሱን ነበር የጻፍኩት» አለች። «ካልኩሌተሬ ላይ አርክ ኮታንጀንት የሚባል ቁልፍ የለም። አንድን ለቁጥሩ አካፍዬ አርክ ታንጀንቱን ነው የምወስደው። በነጌቲቭ ሺህ ስሞክረው ነጌቲቭ 0.001 አለኝ። ወደ ዜሮ ነው የሚሄደው። ፓይ አካባቢ የለም። ያኔ ክፍል ውስጥ ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

ጠይቃው ነበር። አሁን ትዝ አለው። ሰዓቱ አልቆ ነበር፣ እሱም ሰረዞቹ ስላማሩለት ደስ ብሎት ነበር፤ «ካልኩሌተሩን ተዪው ልጄ፣ ሰሌዳውን እመኚ» ብሏት ዳስተሩን አንስቶ ወጣ። እሷም አመነች። ፈተናው ላይ ያገኘችውን ሰርዛ እሱ ያላትን ጻፈች።

«እና የቱ ነው ልክ?» አለችው። ክስ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። አግድም ወረቀቱን ተቀብሎ ነገ እነግርሻለሁ አላት። እስካሁን የተናደደው በሚስቱ ነበር፤ አሁን ግን በራሱም ነው፤ ሰረዙ ሁለት መሆኑን አሁንም አይጠራጠርም፣ ልጅቷን ግን አልሰማትም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገቡ ኮቱን ሳያወልቅ ሳሎን መሀል ቆመ።

«መምህርት፣ የማናግርዎት ጉዳይ አለ» አለ።

ሚስቱ መነጽሯን አወለቀች። ቤት ውስጥ «እርስዎ» ያለው እሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ስለ ፈተና ከሆነ አትናገር አለችው። ስለ ፈተና ነው አላት፣ ደንቡም ዛሬ ይሰበራል፣ ከተሰበረ በኋላ እሱ ሄዶ ለርዕሰ መምህሩ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ያለ የሌለውን አወረደው። ሰባተኛው ጥያቄ ስህተት ነው፤ አርክ ኮታንጀንት ሁለት ሰረዝ ነው ያለው፤ ወደ ቀኝ ዜሮ፣ ወደ ግራ ፓይ፤ የአንዲት ልጅ ዕድል እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። አክሎም፣ ልብሱን ከላይኛው ገመድ ማውረዷን እንዳየ፣ መልዕክቷም እንደገባው ነገራት።

«የምን መልዕክት?» አለች። «ላይኛው ገመድ ሊበጠስ ነው። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

ተነስታም ቁም ሳጥኑን ከፈተችና የወረቀት ክምር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከልጆቹ መልሳ የሰበሰበቻቸው የ«ለ» ክፍል ወረቀቶች ናቸው። የላይኛውን ገልጣ ወደሱ አዞረችው። ዜሮ የሚል መልስ፣ በላዩ የሱ ቀይ መስመር፣ በጎኑ «ፓይ»። ሁለተኛውንም ገለጠች። ከሥር ያለውን ስታወጣ ጥጉ ላይ «መምህርታችሁን ጠይቁ» የሚለው የገዛ ጽሑፉ አፈጠጠበት።

«ጠየቁኝ» አለች። «ክፍሉ በሙሉ ነው የጠየቀኝ።»

«እና ለምን ዝም አልሽ?»

«ደንብ አለና። እኔ ደንብ አከብራለሁ።»

አግድም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሷን ልጆች በሙሉ በዚያችው ነጥብ ገድሎ፣ ምዕራፍ አልጨረሰችም ብሎ አዝኖላታል። እሷም የሱን ልጆች በዚያችው ገድላለች። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ኋላ ተከራክረውበታል፤ እሱ እሷ ናት ይላል። ሳቁ ሲበርድ እሷ ካልኩሌተር፣ እሱ ወረቀት አመጡ። ኮቱንም ያኔ ነው ያወለቀው።

ነገሩ ሲፈተሽ ማንም አልዋሸም። የኮታንጀንት ችግር አንዱን ቁጥር ለብዙ ማዕዘን መስጠቱ ነው፤ ፓይ በጨመርክ ቁጥር ያው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ኮታንጀንቱ ነጌቲቭ ሺህ የሆነ ማዕዘን አምጣ ብትባል ነጌቲቭ 0.001 አካባቢ አንድ አለ፣ 3.1406 አካባቢም አንድ አለ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወደ ኋላ ለመመለስ ግን ከብዙዎቹ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እሱ የተማረበት መጽሐፍ ማዕዘኑን ከዜሮና ከፓይ መሀል ይመርጣል፤ ያኔ ኩርባው ሳይበጠስ ከላይ ከፓይ ጎን ተነስቶ ዜሮ ጎን ይወርዳል፣ ሰረዙም ሁለት ይሆናል። እሷ የተማረችበት ደግሞ ከነጌቲቭ ፓይ በሁለት እስከ ፓይ በሁለት ባለው ውስጥ ይመርጣል፤ ልክ እንደ ካልኩሌተሩ ማለት ነው። ያኔ በግራም በቀኝም ኩርባው ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ቀኙ ከላይ፣ ግራው ከታች። ሰረዙ አንድ ነው። ዋጋው ግን መሀል ላይ ይከፈላል፤ ከቀኝ ወደ መሀሉ የሚመጣው ኩርባ ፓይ በሁለት ጋ ሲወጣ፣ ከግራ የሚመጣው ነጌቲቭ ፓይ በሁለት ጋ ይወርዳል፣ ኩርባው እዚያ ላይ ይበጠሳል።

«አንድ ልጅ ለምን ተበጠሰ ብሎ ጠይቆኝ ነበር» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «እንዲህ ነው፣ ያዘው አልኩት።»

እሱም የልብስ ሰፊዋን ነገር ነገራት፣ ሰሌዳውን እመኚ ያለውንም ሳይደብቅ። ሚስቱ የልጅቷን ወረቀት ተቀብላ ያን በቀጭኑ የተሰረዘ መልስ ለረጅም ጊዜ አየችው። እያረመች ሳለ አይታው እንደነበር፣ ልጅቷ ልኩን አግኝታ መልሳ እንደለቀቀችው አስባ እንደተናደደች ተናገረች።

«ጥፋቱ የጥያቄው ነው» አለች በመጨረሻ። «የትኛውን አርክ ኮታንጀንት እንደሆነ አላልንም። እኔም አላልኩ፣ አንተም አላልክ። እርስ በርሳችን ስለ ፈተና ላለማውራት ስንል ስለ ትምህርቱም ማውራት ትተን ኖረናል።»

አግድም ይህን ሲሰማ ከስህተቱ ይልቅ ይሄኛው አመመው። ስንት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ቆመው፣ ሳቋን እየሰማ፣ ሰሌዳዋ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አብረው ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «እርስዎ ይንገሯቸው»፣ «የለም፣ እርስዎ ይጀምሩ» ሲባባሉ አይቶ ሊፋቱ ነው ብሎ ደነገጠ፤ ወንበር አቅርቦ ስለ ትዕግሥት ሊመክራቸው ጀምሮ ነበር። ነገሩ የሒሳብ መሆኑ ሲገባው እፎይ አለ። ሁለቱም ክፍሎች እንደገና እንዲታረሙ፣ ከሁለቱ አመራረጥ በአንዱ ልክ የሆነ መልስ ሁሉ ነጥቡን እንዲያገኝ ተስማሙ። ሌላው ደንብ እንዳለ ይቀጥላል፤ እሷ የሱን፣ እሱ የሷን ያርማል። አንዲት ነገር ብቻ ተጨመረችበት፤ ፈተና ሲወጣ ፋንክሽኑ ማዕዘኑን ከየት እስከ የት እንደሚመርጥ ጥያቄው ራሱ ይናገራል።

እርማቱን አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ፣ ሰው እያያቸው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰሩት። የልብስ ሰፊዋ ወረቀት ጋ ሲደርሱ ሚስቱ «ዜሮ እና ፓይ» የሚለው አጠገብ የልክ ምልክት አድርጋ ነጥቡን ሞላች። ልጅቷ መስመሩን አለፈች። አግድም እጁን ዘረጋ።

«እስክሪብቶዎን ለአንድ አፍታ ያውሱኝ መምህርት።»

«በራስዎ ልጆች ወረቀት ላይ እጅ አያስገቡም» አለችው።

«ነጥብ አልነካም።»

ሚስቱ አየችውና እስክሪብቶውን ሰጠችው።

ወረቀቱን ለልጅቷ የሰጣት ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያን የጠየቀችውን መለሰላት፤ ሁለቱንም ኩርባ፣ የሚበጠሰውንም የማይበጠሰውንም፣ ጎን ለጎን ሳለላት፣ ሰረዙን ግን በሁለቱም ላይ እሷ እንድታሰምር ጠመኔውን ሰጣት። አንደኛው ላይ ሁለት አሰመረች፣ ሌላው ላይ አንድ። እጇ ልብስ ላይ ምልክት ማድረግ የለመደ ስለሆነ መስመሯ ከሱ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይህንንም ነገራት። ከዚያ ወረቀቷን ገልጣ አዲሱን ውጤት አየች። ዓይኗ ወደ ሰባተኛው ጥያቄ ወረደና እዚያው ቀረ። ሁለት የልክ ምልክት አለ። አንዱ ከሥር፣ መልሱ ጎን፤ ሌላው ከላይ፣ እሷ ራሷ የሰረዘችው አጠገብ።

«ቲቸር፣ ይሄ የላይኛው ስንት ነጥብ ነው?»

«እሱ ነጥብ የለውም» አላት አግድም። «ያን ቀን ስትጠይቂኝ ላደርግልሽ የሚገባኝ ነበር።»

ልጅቷ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ያ ግራጫው ሱሪ ደርሷል፣ ሲያልፉ ይውሰዱት አለችው። እሱም ዳስተሩን አነሳ፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ኩርባዎቹን ሳያጠፋ ሰሌዳው ላይ ተዋቸው። ከግድግዳው ወዲያ ሚስቱ እያስተማረች ነበር። ሄዶ በሯን አንኳኳና ሰሌዳዋን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ።